በየወሩ 9,600 ብር የምንከፍለው ነጋዴ ሱቁ የለም

ሂሳብ_ያዥዋ | ነሐሴ 9 ቀን 2014

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው፤ ታገሡኝ። አጠገቤ የማማክረው ሰው የለም።

የምሠራው ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ነው። ስሙንም ከተማውንም አልጠቅስም። ጥቂት ሰዎች አክሲዮን አዋጥተው የከፈቱት ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሂሳብ ሠራተኛ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። እኔ መጋቢት ላይ ገባሁ። ሰኔ 30 ዓመቱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ፋይሉን ከሐምሌ 2013 ጀምሬ አንድ በአንድ እያገላበጥኩ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከወረቀቱ ንጽሕና ነው። የእኛ ደረሰኝ ሁሉ የሆነ ነገር ነክቶት ነው የሚደርሰኝ። የስንዴው በላብ ይረጥባል። የናፍጣው ቅባት አለው። የመለዋወጫው በኪስ ተጣጥፎ አራት ቦታ ይቀደዳል። የአንዱ ነጋዴ ደረሰኝ ግን ሁልጊዜ አንዴ ብቻ ታጥፎ፣ ንጹሕ ሆኖ ነው ፋይል ውስጥ ያለው። ሰውየው ባዶ ጆንያ ነው የሚሸጥልን። 400 ጆንያ፣ አንዱ በ24 ብር፣ ጠቅላላ 9,600 ብር። በዓመቱ ውስጥ 11 ጊዜ።

ሁሉንም አንድ ላይ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ዋጋው ዓመቱን ሙሉ ያው 24 ብር ነው። ዋናው የጆንያ አቅራቢያችን አዲስ አበባ ነው ያለው፤ በዚሁ ዓመት ሦስት ጊዜ ዋጋ ጨምሮብናል። ይሄኛው አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

ገንዘቡም ሁሌ ከ10,000 በታች ነው። እንደምታውቁት ዕቃ ከ10,000 ብር በላይ ስንገዛ 2 በመቶ ቀንሰን ለገቢዎች እናስገባለን። ያኔ የነጋዴው ስምና ቲን በወሩ ማሳወቂያ ላይ ይወጣል። እኛ ቤት ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ የሚጠየቀው ከ10,000 በላይ ሲሆን ነው። 9,600 ሁለቱንም በር ሳያንኳኳ ያልፋል።

በመጨረሻ የደረሰኞቹን ቁጥር አየሁ። የመጀመሪያው 0112 ነው። የሚቀጥለው ወር 0113። ከዚያ 0114። እንዲህ እያለ 0122 ድረስ። 11 ወር ሙሉ ይህ ሰው ከእኛ በቀር ለማንም ደረሰኝ አልቆረጠም ማለት ነው።

አድራሻው ፍኖተ ሰላም ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ለብቻዬ ሄድኩ። ለማንም አልነገርኩም። ቦታውን ጠይቄ አገኘሁት። ሻይ ቤት ነው። ሻይ የምታፈላው ልጅ ስሙን ሰምታው አታውቅም።

አሁን ምን ላድርግ? ይሄ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው? ገዥው ሠራተኛ በሥራው የቆየ፣ ሁሉም የሚወደው ሰው ነው። በሐሰት ስሙን ባጠፋ እንቅልፍ አይወስደኝም።

---

የቡሬው | ነሐሴ 9

እህቴ አትቸኩዪ። ቲኑን አጣርተሻል? ደረሰኙ ላይ ያለውን አሥሩን አሃዝ ይዘሽ ገቢዎች ብትጠይቂ ይነግሩሻል። ቲኑ ካለ ነጋዴው አለ፤ ነገሩ አበቃ። ሱቅ እንደሆነ ይቀየራል፤ ኪራይ ሲወደድ ስንቱ ለቆ ይሄዳል።

ቲኑ ከሌለ ግን የደረሰኙ ቁጥር መከታተል ብቻውን ሌብነት ነው። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም።

---

ነጋዴ_ከዳንግላ | ነሐሴ 9

እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። እኛ ነጋዴዎች ሁልጊዜ ተጠርጣሪ ነን። ጆንያ ሸጠን ሦስት ወር ክፍያ የምንጠብቀው እኛ። ደረሰኝ አምጡ፣ ማህተም አድርጉ እየተባልን የምንመላለሰው እኛ። ሰውየው ዕቃውን ከሰጠ ገንዘቡን ያግኝ እንጂ ሱቁ ሻይ ቤት መሆኑ ምን ያደርጋል?

ቁጥሩም ቢሆን ይከታተላል። እኔ ራሴ ሁለት ጥራዝ አለኝ። ገበያተኛው ደረሰኝ ስቆርጥለት ጥሎት ነው የሚሄደው። ለመሥሪያ ቤት ለብቻው የያዝኩት ጥራዝ አለ። አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ከእኔ ይገዛ በነበረበት ዓመት ደረሰኞቼ በሙሉ ተከታታይ ነበሩ። ሌባ ነኝ?

---

ሂሳብ_ያዥዋ | ነሐሴ 9

ወንድሜ፣ ነጋዴውን አልከሰስኩም። ክፍያውም አልተያዘበትም፤ በየወሩ ወጥቷል። የጨነቀኝ ሰውየው መኖሩን ማወቅ አለመቻሌ ነው። ስለ ሁለት ጥራዝ የነገርከኝን ግን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

---

የድሮ_ኦዲተር | ነሐሴ 10

ልጄ፣ ጥሩ ዓይን አለሽ። ግን እስካሁን የያዝሽው ጥርጣሬ ነው፤ ማስረጃ አይደለም። የዳንግላው ወንድማችን ቢቆጣም ስለ ቁጥሩ ትክክል ነው። እኔም እንዲያ ያለ ነጋዴ አጋጥሞኛል። ተከታታይ ቁጥር አይቼ «ያዝኩት» ብዬ ሄጄ ሰውየውን ጆንያው መሃል ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ይቅርታ ጠይቄ ተመለስኩ።

የቡሬው ልጅ ደግሞ ስለ ቲን ያለው ግማሽ እውነት ነው። ቲን የሚነግርሽ ያ ቁጥር ለአንድ ሰው መሰጠቱን ነው። ሰውየው ዛሬ እንደሚነግድ አይነግርሽም። ንግዱን የተወ፣ አገር የለቀቀ፣ የሞተ ሰው ቲን መዝገብ ላይ ይቆያል። ከቲኑ ይልቅ የዘንድሮ ንግድ ፈቃዱ መታደሱን ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቢ። ደረሰኙ ሐሰት ሆኖ ዕቃው እውነት ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ይሄ ብዙ ነው። ገዥው ጆንያውን ደረሰኝ ከሌለው ሰው፣ ከመንገድ ዳር ወይም ከዳቦ ቤት ይገዛል። ሂሳብ ክፍል ያለ ደረሰኝ አልከፍልም ይለዋል። ስለዚህ የሌላ ሰው ደረሰኝ ፈልጎ ያመጣል። ይሄም ጥፋት ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። ግን ጆንያ ሳይመጣ ገንዘብ ከመውሰድ ጋር አንድ አይደለም። ስሙን እንዳታጠፊ ከፈራሽ ይህን መለየት አለብሽ።

ስለዚህ ሱቁን ለጊዜው ተዪው። ጆንያውን ተከተዪ። 4,400 ጆንያ ገብቶ ከሆነ ተሰፍቶ ወጥቷል፣ ወይ መጋዘን አለ፣ ወይ ተበላሽቷል። ሌላ መንገድ የለውም።

የመጋዘኑን ቢን ካርድ ብቻ አይተሽ ግን እንዳትመለሺ። ቆጠራው ልክ ቢመጣም እንዳትረጊ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሠራ ሰው በሞዴል 19 ያስገባውን በሞዴል 22 ያወጣዋል። በወረቀት ገብቶ በወረቀት ይወጣል። የሰኔ 30 ቆጠራ ቀሪውን ብቻ ስለሚያይ ምንም አይይዝም። መጋዘን ያዡም ገዥውም ያልጻፉት፣ ከነሱ ውጭ የተያዘ መዝገብ ፈልጊ።

ቼኮቹ በማን ስም እንደወጡም ጉርዱን እዪልኝ። ከደረሰኙ ግርጌ ደግሞ በደቃቅ ፊደል የማተሚያ ቤቱ ስምና የታተመበት ጊዜ አለ። እሱንም ጻፊልኝ። ኦርጅናሉ ላይ በእስክሪብቶ ምንም ምልክት አታድርጊ። ኮፒ አንስተሽ በኮፒው ሥሪ።

---

እናት_ከሞጣ | ነሐሴ 10

እኔ ያጋጠመኝ በንጽሕና ዕቃ ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። ሳሙና፣ በረኪናና መጥረጊያ እንገዛ ነበር። ሁልጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ አለ፣ ሁልጊዜ ያው ነጋዴ ያሸንፋል። ሦስቱም በኮምፒውተር የተጻፉ ናቸው፣ ማህተማቸውም የተለያየ ነው። አንድ ቀን ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ በሦስቱም ላይ «በረኪና» «በረኬና» ተብሎ ተጽፏል። በሦስቱም ላይ! ያን ቀን ሆዴ ተገለባበጠ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። «አንቺ ፊደል አራሚ ነሽ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ መዝገብ ቤት አዛወሩኝ። መጨረሻውን ዛሬም አላውቅም። ልጄ፣ ለማን እንደምትነግሪ ከመናገርሽ በፊት አስቢበት።

---

ሂሳብ_ያዥዋ | ነሐሴ 14

ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግኩ። አምሽቼ እየሠራሁ ነው አራት ቀን የጠፋሁት።

ቢን ካርዱ እርስዎ እንዳሉት ነው። ሐምሌ 1 የነበረው ጆንያ 1,200። ከአዲስ አበባው አቅራቢ የገባ 30,000። ከዚህ ነጋዴ ገባ የተባለ 4,400። ድምሩ 35,600። በሞዴል 22 የወጣ 33,800። ቀሪ 1,800። ሰኔ 30 ስንቆጥር 1,774 ነበር። 26 ጆንያ ብቻ ነው የጎደለው። እኔም ቆጣሪ ነበርኩ፤ ደስ ብሎኝ ፈርሜያለሁ።

ከዚያ የወጪ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። ጆንያ ከአዲስ አበባ የሚመጣልን 500፣ 500 እየሆነ ታስሮ ነው። ማምረቻው ሲወስድ እስሩን አይፈታም፤ 500 ይወስዳል፣ አንዳንዴ 1,000። ከነዚያ መሃል ግን በየወሩ አንድ 400 የሚል ወረቀት አለ። 11 ወረቀት። ተቀባይ የሚለው ቦታ ላይ ያለው ፊርማ የማምረቻው ኃላፊ ፊርማ ይመስላል። እርግጠኛ አይደለሁም።

ከነሱ ውጭ የተያዘ መዝገብ ያሉኝን ነገር ሳስብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የማምረቻው ሪፖርት የሚጻፈው ከመጋዘኑ ወረቀት ላይ ተገልብጦ ነው፤ ስለዚህ አይረባም። ሦስተኛው ቀን ላይ ደመወዝ ስሠራ ብልጭ አለልኝ። የጆንያ አፍ የምትሰፋው ሴት የምትከፈለው በቁጥር ነው! በሰፋችው ልክ። ማንም የማይነካው ደብተር አላት።

ሄጄ ለመንኳት። ከመቀነቷ አወጣችልኝ። ባለ 50 ቅጠል የተማሪ ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ የነበረው ሥዕል በዱቄት ተሸፍኖ አይታይም። ውስጡ አምስት አምስት እየሆነ የተሰመረ መስመር ብቻ ነው፤ አራት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ። ሐምሳ ሲሞላ ትከበዋለች። ማታ ማታ ፈረቃ ኃላፊው ይፈርምላታል። በጣቷ እየተከተለች ስትቆጥርልኝ አንድም አልዘለለችም። የልጆቿ እንጀራ ነው እኮ።

ደብተሮቿን ሁሉ ደምሬ ከደመወዝ መዝገቡ ጋር አስተያየሁ። ዓመቱን ሙሉ የተሰፋው 29,100 ጆንያ ነው። ዱቄቱ 50 ኪሎ እየታሸገ 14,550 ኩንታል መሆኑ ነው፤ ከሽያጩም ጋር ይሄዳል። የተበላሸ ተብሎ በቃለ ጉባኤ የተወገደ 300 አለ። ሁለቱ ተደምረው 29,400 ይሆናሉ። በወረቀት የወጣው ግን 33,800 ነው።

ልዩነቱ 4,400።

ካልኩሌተሩን ሦስት ጊዜ ነው የደገምኩት። ቁጥሩ ልክ አንድ ሳይጎድል ሲመጣ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ቼኮቹ በነጋዴው ስም አልወጡም። በገዥው ስም ነው። ማዘዣው ላይ «በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ስለገዛ ይተካለት» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ፈርሟል። የደረሰኙ ግርጌ ላይ ያለው የታተመበት ዓመት 2010 ነው። ከ2010 ጀምሮ 150 እንኳ ያልሞላ ደረሰኝ የቆረጠ ነጋዴ ነው ማለት ነው።

ደረሰኞቹ ላይ ያሉትን ቀኖች ደግሞ ልጻፍላችሁ፣ ምናልባት የሆነ ነገር ካያችሁ። ሐምሌ 28፣ ጳጉሜ 6፣ መስከረም 29፣ ጥቅምት 27፣ ኅዳር 28፣ ታኅሣሥ 27፣ ጥር 28፣ የካቲት 29፣ መጋቢት 28፣ ሚያዝያ 28፣ ሰኔ 2።

---

የቡሬው | ነሐሴ 14

ቆይ ቆይ። ጳጉሜ 6? የ2013 ጳጉሜ አምስት ቀን ናት! ስድስት የሆነችው በ2011 ነው፤ የሚቀጥለው 2015 ነው። ያ ቀን የለም። ሰውየው በሌለ ቀን ነው የሸጠው!

ስለ ቁጥሩ ያልኩትን አንስቻለሁ። ጋሼ ትክክል ናቸው።

---

ሂሳብ_ያዥዋ | ነሐሴ 14

ወይ እኔ። አራት ቀን ሙሉ ሳየው ነበር።

---

የድሮ_ኦዲተር | ነሐሴ 15

ጳጉሜ 6 ቀንን ያዢው፤ ግን ከፊት አታስቀድሚው። ጸሐፊ ቀን ይሳሳታል። «አምስት ልጽፍ ስድስት ጻፍኩ» ቢሉሽ መልስ የለሽም። ደብተሩ ግን መልስ አያስፈልገውም። ያቺ ሴት ጆንያ አጉድላ ብትቆጥር የምትጎዳው ራሷ ናት። ስለዚህ ቁጥሯ ከታች አይሳሳትም። ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ለዚህ ነው። በአደራ ደብተሮቹን ኮፒ አድርገሽ ኦርጅናሉን መልሺላት፤ እንዳይጠፋባት።

አንድ ቀዳዳ ግን ይታየኛል፤ ሌላ ሰው ከማየቱ በፊት አንቺ ድፈኚው። ፉርሽካውስ? ፉርሽካ በጆንያ ይወጣል፤ አፉ ግን በማሽን አይሰፋም፣ በሲባጎ ነው የሚታሰረው። ሴትየዋ አትቆጥረውም። ገዥው «400ው ለፉርሽካ ነበር» ቢል ምን ትያለሽ?

ሌላው የምታውቂው ነው፤ ግን ጊዜው እንዳያመልጥሽ። የግብር ማሳወቂያችሁ እስከ ጥቅምት 30 ነው። 11 ጊዜ 9,600 ማለት 105,600 ብር ነው። ይህ ወጪ ተብሎ ከገባ በ30 በመቶ ሲሰላ 31,680 ብር ግብር ያሳንሳል። ያልተገዛ ዕቃ ወጪ አይሆንም። በሐሰት ደረሰኝ ወጪ ማስያዝ ደግሞ ድርጅቱን ራሱን ያስጠይቃል። ሂሳቡን የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ አውቀሽ እንዳትፈርሚበት። ነገሩ እስኪጣራ ከወጪ አውጥተሽ በገዥው ስም ተሰብሳቢ ላይ ያዢው።

---

ዝም_ያለ | ነሐሴ 15

የሁላችሁንም አነበብኩ። ደፍሬ ልናገር። እህቴ፣ አምስት ወርሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ የፈረመበት ነገር ነው። በትንሽ ከተማ ነው የምትኖሪው። ነገ ገበያ ላይ የገዥውን እናት ታገኛለሽ፤ ቤተ ክርስቲያን ከሚስቱ ጋር ትቆሚያለሽ። ፋብሪካው በ105,000 ብር አይዘጋም። የአምናው ሂሳብ ያንቺ አይደለም። ከዚህ በኋላ ያለ ሦስት ፕሮፎርማ አልከፍልም በይና ቀዳዳውን ዝጊ። ሰውየውም ይገባዋል፤ ያቆማል።

---

እናት_ከሞጣ | ነሐሴ 15

እኔ ተናግሬ የደረሰብኝን ጽፌያለሁ። ቢሆንም በዚህ አልስማማም። ከመጋቢት ወዲህ ያሉት ክፍያዎች በእሷ እጅ ያለፉ ናቸው። የተያዘ ቀን «ሂሳብ ያዥዋ አሳልፋዋለች» ነው የሚባለው። ዝም ማለት እሷን አያድናትም።

---

ዝም_ያለ | ነሐሴ 15

እኔ ስለ ኑሮዋ ነው ያሰብኩት እናቴ። ልክ ነኝ አላልኩም።

---

ሂሳብ_ያዥዋ | ነሐሴ 18

እናቴ ትክክል ነዎት። የመጋቢት፣ የሚያዝያና የሰኔው ማዘዣ ላይ «ያዘጋጀው» የሚለው ፊርማ የእኔ ነው። ደረሰኙ ነበረ፣ ሞዴል 19 ነበረ፣ አዘጋጀሁ።

ፉርሽካውን አጣራሁ። የእኛ ፉርሽካ የሚወጣው ስንዴው በመጣበት ጆንያ ነው። ሸማቹ ገበሬ ነው፤ ጆንያው ይመለስልን እያልን ነው የምንሸጠው። ይሄን ሁሉም ያውቃል። ግን በጽሑፍ የተያዘ ነገር የለም። ክረምት ላይ ጆንያ ይረጥባል፣ ይበሰብሳል፤ አንዳንዴ አዲስ ጆንያ ለፉርሽካ እንደሚወጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ነግሮኛል። ስንት እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ 4,400ው ሁሉ አልገባም ብዬ መማል አልችልም። ጥርና የካቲት ላይ ግን ዝናብ የለም፤ ያኔም 400 ወጥቷል።

የቦርዱን ሰብሳቢ አነጋገርኩ። ሥራ አስኪያጁን ዘልዬ ነው። የሄድኩት ቤታቸው ነው፤ ባለቤታቸው እያሉ። ኮፒዎቹን ሰጠኋቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ቃል ሳይናገሩ አነበቡ። «ዓርብ እንሰበሰባለን፤ እስከዚያ ለማንም» አሉኝ።

እዚህ መጻፌን አልነገርኳቸውም። የሚለይ ነገር ስላልጻፍኩ ነው።

---

ነጋዴ_ከዳንግላ | ነሐሴ 18

በመጀመሪያ ተሳስቼ ስለተረዳሁሽ ይቅርታ። አንድ ነገር ግን እየከነከነኝ ነው። ደረሰኙ የእውነት ሰው ደረሰኝ ከሆነ፣ ያ ሰው የት ነው? እኔ ደረሰኝ ለማሳተም ገቢዎች ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። ጥራዙ በቁጥር ነው የሚታተመው፤ በስሜ ነው የሚመዘገበው። በስሜ 105,000 ብር ሽያጭ ተቆርጦ ቢገኝ ግብሩን የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሰውየው በሕይወት ካለ ይወቅ። ከሌለም ቤተሰቡ ይወቅ።

---

የድሮ_ኦዲተር | ነሐሴ 19

ይሄን እኔ ማንሳት ነበረብኝ። ንግድ ሲዘጋ ያልተሠራበት ጥራዝ ለገቢዎች ተመልሶ መምከን አለበት። ሳይመለስ የቀረ ጥራዝ እንደ ባዶ ቼክ ነው።

---

ሂሳብ_ያዥዋ | ነሐሴ 21

የነጋዴው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ትናንት እንደገና ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ሻይ ቤቱን ትቼ ገመድና ሲባጎ የሚሸጡትን ጠየቅኩ። አንዲት እናት ስሙን ስጠራላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እሱማ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ተዝካሩንም በልተናል» አሉኝ።

በ2012 ሰኔ ነው ያረፈው። የእኛ ዘንድሮ የመጀመሪያ ክፍያ ሐምሌ 2013 ነው።

ቤቱን አሳዩኝ። ባለቤቱ አለች። ማን መሆኔን ነገርኳት፤ ደግማ አስነገረችኝ። ቡና አፈላች። የደረሰኙን ኮፒ ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች። «ስሙ የሱ ነው። እጁ ግን አይደለም» አለች። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደረሰኝ የምትቆርጥለት ትልቋ ልጁ ናት። ልጅቱን ጠራቻት። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። አየችው፤ «እኔ አይደለሁም፤ እኔ ቁጥር እንዲህ አላሳምርም» አለች።

ከዚያ ሣጥን ከፈተች። ከነጠላና ከፎቶዎች ሥር ሁለት ጥራዝ አወጣች። አንዱ 0001 እስከ 0050፣ አልቋል። ሁለተኛው 0051 እስከ 0100። በልጅቱ እጅ የተጻፈው 0087 ላይ ይቆማል፤ የቀረው ባዶ ነው። ሦስተኛው የለም። ከ0101 የሚጀምረው።

ባለቤቷ ታሞ በተኛበት ሰሞን «ፈቃዱን እንመልስለት፣ ግብር እንዳይቆጠርበት» ብሎ ወረቀት የወሰደ ሰው እንደነበር ትናገራለች። የማታውቀው ሰው ነው። መልኩን ጠየቅኳት። ጨለማ ነበር፣ ሰው ይገባል ይወጣል ነበር፣ አታስታውስም። እኔም የማንንም ስም አልጠራሁም። ፈቃዱ ተመልሶ እንደሆነም አታውቅም። ሰኞ ከወንድሟ ጋር ገቢዎች ሄዳ እንድትጠይቅ ነገርኳት። ሁለቱን ጥራዝ ለማንም እንዳትሰጥ አደራ አልኳት።

ቦርዱ ዓርብ ተሰብስቦ ነበር። ገዥውን ጠሩት። ጋሼ እንዳሉት ነው ያለው፦ ጆንያው መጥቷል፣ ከመንገድ ላይ ነው የገዛሁት፣ ደረሰኝ ስላጣሁ ሰው ሰጠኝ። ማን እንደሰጠው አልተናገረም። መጋዘን ያዡ ጆንያውን ቆጥሮ አስገብቶ እንደሆነ ሲጠየቅ «ወረቀቱን አምጥቶ ፈርም ይለኛል፣ እፈርማለሁ» አለ። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፍቶ ነበር። የውጭ ኦዲተር ይምጣ ተብሎ ተወሰነ። እኔ ፋይሉን ቆልፌ ቁልፉን ለሰብሳቢው ሰጠሁ።

ከመቆለፌ በፊት የአምናውን የ2013 ሂሳብ ፋይል አንዴ አየሁት። የኛ ዘንድሮ የሚጀምረው ከ0112 ነው፤ ጥራዙ ግን ከ0101 ነው የሚጀምረው። ከ0101 እስከ 0107 ያሉት ሰባቱ እዚያ አሉ። የመጀመሪያው 100 ጆንያ በ19 ብር፣ 1,900 ብር ብቻ ነው። ከዚያ 200 ይላል፣ ከዚያ 300።

0108፣ 0109፣ 0110 እና 0111 ግን እኛ ጋ የሉም። ሁለት ጊዜ ፈለግኳቸው። ጆንያ የምትገዙ፣ ፋይል እጃችሁ ላይ ያለ ካላችሁ፣ የ2013 መጨረሻን እዩልኝ።